«ለሠርግሽ መምጣት አልቻልኩም»፦ ለቅርብ ጓደኛ የሚጻፍ መልእክት ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ ሠርጉ ማግስት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ሥራዬ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና የፎቶ ኮፒ ነው። ሰው ግን ማመልከቻውን ካስጻፈ በኋላ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እስቲ ይህችንም ተመልከትልኝ» ማለቱ አይቀርም። ታኅሣሥ ሲጋመስ የምትመጣው «ይህች» አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናት። ጓደኛ ሩቅ አገር ያገባል፣ መንገዱ አይደፈርም፣ ገንዘቡ የለም፣ መልስ ግን መስጠት ግድ ነው።

በጥር የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ክርስቲያኑ በጾመ ነቢያት ስለማይሞሸር የገና ጾም እስኪፈታ ይጠበቃል። ከዚያም ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያሉት ጥቂት ሳምንታት በሠርግ ይጨናነቃሉ። አንድ ሰው በአንድ ወር ሦስት ጥሪ ይደርሰዋል። ሁለቱ እዚሁ ከተማ ከሆኑ እንደምንም ይወጣቸዋል፤ ሦስተኛው አርባ ምንጭ ወይም ጅማ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ የገጠማትን ልንገራችሁ፤ መመሪያዬ ሁሉ ከእሷ መልእክት የተቀዳ ነው። የምትሠራው ኮምቦልቻ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሙሽራዋ ደሴ አብረው ያደጉ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር የተቀመጡ ጓደኛዋ ናት። ሙሽራዋ አርባ ምንጭ ተመድባ ስታስተምር ከዚያው አገር ሰው ጋር ተዋደደች፤ ሠርጉም እዚያው ሆነ። እናቷ ግን አሁንም ደሴ ናቸው። አንዷ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን መሆናቸውን ለወሎ ሰው መናገር ትርፍ ነገር ቢሆንም፣ ኋላ ላይ የበግ ጉዳይ ስለሚመጣ ከወዲሁ ያዙልኝ። ጥሪው ደግሞ የእንግድነት ብቻ አልነበረም። «አንደኛ ሚዜዬ አንቺ ነሽ» የሚል ነበር።

አንድ፦ ሳይጻፍ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ

ጥያቄው «ቢከፍሉልኝስ እሄዳለሁ?» የሚል ነው። ይህን ሳይመልስ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው የልመና ደብዳቤ ይጽፋል። «ገንዘብ አጥሮኝ መምጣት አልቻልኩም» ያልከው ጓደኛ እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ በማግስቱ «ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» ይልሃል። ያን ጊዜ ወይ ተቀብለህ ሄደህ የጠየቅህ ትመስላለህ፣ ወይ ሌላ ምክንያት ፈልገህ የመጀመሪያውን ውሸት ታስመስለዋለህ። የሚከፈልልህ ከሆነ ለመሄድ ፈቃደኛ ከሆንክ ይህን መመሪያ ዝጋውና ለጓደኛህ ደውለህ በግልጽ ተነጋገሩ፤ በወዳጆች መካከል ነውር የለውም። ዕንቢታ መጻፍ ያለበት ቢከፈልለትም የማይሄድ ሰው ነው።

የአክስቴ ልጅ ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስቀመጠችው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር አልፎ አንድ ቀን ይፈጃል። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ደግሞ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሌላ አንድ ቀን። ደርሶ መልስ አራት ቀን፣ ሠርግና መልሱ ሁለት ቀን፣ በድምሩ ስድስት ቀን። ከዓመት ፈቃዷ የቀራት አራት ቀን ብቻ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሦስት ቀን የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው ለሚያገባው ሠራተኛ ለራሱ ነው፤ ለጓደኛ ሠርግ የሚል ነገር የለውም።

በአውሮፕላንስ? ኮምቦልቻ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ አርባ ምንጭም እንዲሁ። ቀኑ ያጥር ነበር። ትኬቱ ግን ከሚዜ ልብስና ከጫማ ጋር ሲደመር ከሁለት ወር ደመወዟ አለፈ። መንገዱን ለማሳጠር ገንዘብ፣ ገንዘቡን ለመቆጠብ ቀን ያስፈልጋታል፤ ሁለቱም የሏትም። ሙሽራዋ ብትከፍልላትስ? እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ አሰበች። የሠርግ ነገር ብድር አለው፤ ዛሬ የተደረገልህን ነገ በአቅምህ ትመልሳለህ። ይህን ያህል ብድር ደግሞ መቼም እንደማትመልሰው አወቀች። ስለዚህ መልሷ «ቢከፈልልኝም አልሄድም» ሆነ። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መጻፍ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት፦ ቀኑን መምረጥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዕንቢታ ከባድ ስለሆነ ቀን እየገፋ ቀን ይጨምርበታል። «ኢንሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብሎ ጊዜ ይገዛል። ቃሉ ከልብ ሲሆን የሚከበር ቃል ነው። እንደማይሄድ እያወቀ የሚናገረው ሰው ግን ፈጣሪን ምስክር አቁሞ ይዋሻል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ የተቆጣኝ ደንበኛም አለ። ከኃጢአቱ በተጨማሪ ጉዳት አለው፦ ደጋሹ አንተን ቆጥሮ ይደግሳል።

ስለዚህ ቀኑን የምትመርጠው በደጋሹ ወጪ ነው። ራስህን «ጓደኛዬ በእኔ ምክንያት ገንዘብ የሚያወጣበት የመጀመሪያው ቀን መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ መልእክቱ ከዚያ ቀን መቅደም አለበት። ተራ እንግዳ ከሆንክ ካርድ እንደደረሰህ በሳምንት ውስጥ ቢሆን ይበቃል። ሚዜ ከሆንክ ግን የሚዜ ልብስ ከመለካቱ በፊት ነው። የአክስቴ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላም ነበረባት። ሙሽራዋ «ላንቺ የሙስሊም በግ ለብቻው ይታረዳል፣ የሚያርደውም ሰው ተነግሮታል» ብላታለች። ልብሱ ኅዳር መጨረሻ ይለካል፣ በጉ ከገና በፊት ይገዛል። እሷ ጥሪው ከደረሳት በስምንተኛው ቀን፣ ኅዳር ገና በመግቢያው ላይ ሳለ ጻፈች። ከዚያ ብትዘገይ ልብስም በግም ይበላሽባት ነበር።

ሦስት፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፎ መጣል

እሑድ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥታ ጽሕፈት ቤቴ ስትመጣ ረቂቋን አነበብኩት። እንዲህ ይል ነበር፦

> «ውድ ጓደኛዬ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለሠርግሽ ብመጣ ምኞቴ ነበር፤ ነገር ግን በአንዳንድ ምክንያቶች ሁኔታዎች ስላልተመቻቹልኝ ላልመጣ እችል ይሆናል። በጣም በጣም ይቅርታ። ብር እንኳን የለኝም፣ ኑሮ ከብዶኛል፣ ደመወዝ አይበቃኝም፣ ቤት ኪራይ ጨመረብኝ። እባክሽ አትቀየሚኝ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ መጥፎ ጓደኛ ነኝ።»

እያንዳንዱ መስመር የራሱ በሽታ አለው። «የከበረ ሰላምታ» የእኔ ሥራ ነው፤ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት እንጂ ለልብ ጓደኛ አይጻፍም። አብራህ ያደገች ሰው የማመልከቻ ቋንቋ ስታይ መጀመሪያ የምታስበው «ምን አድርጌያት ራቀችኝ?» ነው። «በአንዳንድ ምክንያቶች» ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱን የደበቅህባት ሰው ምክንያቱን ራሷ ትፈጥራለች። ሙሽራው አልተወደደላትም፣ በሚዜነቱ ተከፍታለች፣ ሃይማኖቱ ነው ትላለች። «ላልመጣ እችል ይሆናል» ሦስት ጊዜ ያመነታ ግሥ ነው፤ ሙሽራዋ «ትመጪ ይሆናል» ብላ ታነበዋለች፣ በጉንም ትገዛለች። መጨረሻው ላይ የተደረደረው እሮሮ ደግሞ ሙሽራዋን በደስታዋ ሰሞን አጽናኝ ያደርጋታል። «መጥፎ ጓደኛ ነኝ» የሚል ሰው «ኧረ አይደለሽም» መባል ይፈልጋል፤ ይህን ሥራ በሙሽራ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ይህን ረቂቅ ግን ባይጻፍ ጥሩ ነበር አልልም። ሰው መጀመሪያ ሆዱን የባሰውን ሁሉ መጻፍ አለበት። አለመላክ ብቻ ነው።

አራት፦ የዕንቢታውን ግሥ መምረጥ

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አራት መንገድ አለው፣ ክብደታቸውም ይለያያል። «አልመጣም» ፈቃድ ነው፤ መምጣት እየቻልኩ አልፈለግሁም የሚል ጥላ አለው። «መምጣት አልችልም» ጠንካራ ነው፣ ስህተት ግን የለበትም፤ ብቻ ለጠብ ቅርብ ነው። «የምመጣ አይመስለኝም» በር ከፍቶ ይተዋል። «መምጣት አልቻልኩም» የሚለው ግን ሞክሬ ነበር፣ አወጣሁ አወረድኩ፣ አልሆነልኝም የሚል ታሪክ በአንድ ቃል ይናገራል፤ ነገሩም ያለቀ መሆኑን ያሳያል። እኔ ሁልጊዜ ይህን አስጽፋለሁ።

የት ይቀመጥ? ከላይ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓረፍተ ነገር። እንደ ባላገር ጨዋታ ሰላምታውን፣ ትዝታውንና ምርቃቱን አስቀድሞ ዕንቢታውን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። አንባቢዋ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጠርጥራለችና ትዝታውን ሁሉ በስጋት ታነበዋለች። መርዶውን ቶሎ ተናገር፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ፍቅር እንደ ፍቅር ይነበባል።

አምስት፦ ስለ ገንዘቡ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስለ መንገዱ አንድ

ድህነትን መደበቅም መዘርዘርም ያስቸግራል፤ መካከሉን የያዘ አንድ ሐረግ ግን ቋንቋችን ሰጥቶናል፦ «እጄ አጥሯል»። ሰምቶ የማይገባው የለም፣ ሰምቶ ኪሱን የሚዳብስም የለም። «ብር የለኝም» ሰሚውን ያስቸግራል፤ «እጄ አጥሯል» የተናጋሪውን ክብር ይዞ ያልፋል። ከእሱ ኋላ አንድ እውነተኛ ዝርዝር ብቻ ጨምር፣ ጓደኛህ የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል። የአክስቴ ልጅ ታናሽ ወንድሟን ኮሌጅ የምታስተምረው እሷ ናት፤ ሙሽራዋም ልጁን ከጨቅላነቱ ታውቀዋለች። ያ አንድ ዝርዝር የቤት ኪራዩንና የኑሮውን እሮሮ ሁሉ ተካው።

መጠን አይጻፍ። ትኬቱ ይህን ያህል፣ ልብሱ ይህን ያህል ብሎ የሚጽፍ ሰው ደረሰኝ ያቀረበ ይመስላል፤ ሙሽራዋም «ለእኔ ይህን ያህል አታወጣም?» የሚል የማትፈልገው ሚዛን ውስጥ ትገባለች። የቀን ቁጥር ግን ይጻፍ። «ደርሶ መልስ አራት ቀን» ማንንም አያስቀይምም፣ መንገድ መንገድ ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም እዚህ ይግባ። ቢከፈልልህም የማትቀበል ከሆነ አስቀድመህ ተናገረው፤ በኋላ ሲቀርብልህ ከመግፋት ይሻላል።

ስድስት፦ አንድ ትዝታ፣ ያውም በእጅ የሚዳሰስ

«አብረን ያሳለፍናቸው ጊዜያት» የሚለው ሐረግ ለማንም ጓደኛ ይላካል፤ ስለዚህ ለማንም አይደለም። አንድ ቀን ፈልግ፣ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት። የአክስቴን ልጅ «ከእሷ ጋር የሆናችሁት አንድ ነገር ንገሪኝ» ብላት ወዲያው «ጫማው» አለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ በነሐሴ ዝናብ ከሆጤ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ የሙሽራዋ ጫማ ተረከዝ ተነቅሎ በጭቃ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ሻሿን ፈትታ ጫማውን ከእግሯ ጋር አሰረችላት፤ ሁለቱም እየሳቁ ቤት ገቡ። ያን ቀን «ስታገቢም ጫማሽን የማስርልሽ እኔ ነኝ» ብላት ነበር። ይህን ስትነግረኝ ዝም አለች፤ እኔም ወረቀት ፍለጋ ጎንበስ አልኩ።

ትዝታው እንዲህ ሲሆን «በጣም በጣም ይቅርታ» መጻፍ አያስፈልግም። ይቅርታው ጫማው ውስጥ አለ።

ሰባት፦ በምትኩ የምታደርገው፣ ቀን የተቆረጠለት

«ሌላ ጊዜ እንገናኛለን» ባዶ ነው። የምትችለውን ትንሽ ነገር ቀን ቆርጠህ ስጥ። ሠርጉ ሩቅ ቢሆንም የሠርጉ አንዱ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ነው፤ ያን ጫፍ ፈልገው። የሙሽራዋ እናት ደሴ ነበሩ። ለልጃቸው ሠርግ ይዘውት የሚወርዱት በርበሬና ሽሮ ይዘጋጃል፤ በርበሬ መቀንጠስና ማድረቅ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በእረፍት ቀን ተመልሶ ይደረሳል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ አርባ ምንጭ መሄድ ባትችልም ሁለት እሑድ ለሠርጉ መሥራት ትችል ነበር።

ሙሉ መልእክቱ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

> «እህት ዓለም፣
>
> ጥሪሽ ደርሶኛል። አንደኛ ሚዜ አድርገሽኝ ሳይ እንባ መጣብኝ። ስምንት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ለሠርግሽ መምጣት አልቻልኩም።
>
> መንገዱ ደርሶ መልስ አራት ቀን ነው፣ የቀረኝ ፈቃድ አይበቃም። ዘንድሮ ደግሞ እጄ አጥሯል፤ የወንድሜን ትምህርት የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ላኪልኝ ማለቴ አይደለም፣ ብትልኪም አልቀበልሽም፤ ሙሽራ የራሷ ወጪ ይበቃታል። ቶሎ የጻፍኩልሽ የሚዜ ልብስ ሳይለካ፣ በጉም ሳይገዛ ብዬ ነው። ሚዜነቱን ለምትወጃት ስጪ፣ እኔ ቅር አይለኝም።
>
> ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ከሆጤ ስንወርድ ጫማሽን በሻሼ ያሰርኩልሽ ቀን ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። የሠርግሽን ጫማ ሌላ ሰው ሊያስርልሽ መሆኑ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።
>
> ታኅሣሥ ውስጥ ሁለት እሑድ ደሴ እወጣለሁ፤ በርበሬውን ከእማማ ጋር አዘጋጃለሁ። ፋሲካን ደሴ የምትውሉ ከሆነ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ያለው የመጀመሪያው እሑድ ምሳ እኔ ቤት ነው፣ ከባልሽ ጋር። ለማንም እንዳትሰጪብኝ።
>
> ነገ ማታ ከሥራ ስወጣ እደውልልሻለሁ። አላህ ትዳርሽን የሰመረ ያድርገው።»

መልእክቱ ውስጥ «ይቅርታ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። ሆን ብላ አይደለም፤ ጽፋ ስትጨርስ ነው ያስተዋልነው።

አንድ ነገር ላክልበት። «አንቺ» እና «አንተ» የሚባባሉ ጓደኞች መልእክቱ ውስጥ «እርስዎ» ወይም «ክብርት ሙሽራ» እንዳያስገቡ። ለቀልድም ቢሆን በዚህ ሰዓት ርቀት ይሆናል።

ስምንት፦ መላክና ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ

ለብቻዋ ላክ። የጓደኞች የጋራ መልእክት መለዋወጫ ላይ ዕንቢታ መጻፍ ሙሽራዋን በሰው ፊት «ምንም አይደለም» እንድትል ያስገድዳታል። ሰዓቱ ማታ ይሁን፣ ሥራና ትምህርት ካለቀ በኋላ። መጀመሪያ ይደወል ወይስ ይጻፍ የሚለው ላይ ሰው ይከራከረኛል። ለቅርብ ጓደኛ መጻፍ ይቀድማል እላለሁ። ድንገት ደውለህ ብትነግራት ፊቷን የምታዘጋጅበት ጊዜ አታገኝም፤ አንተም ድምፅዋ ሲሰበር «እሺ እሞክራለሁ» ትላለህ፣ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ጽፈህ በማግስቱ ብትደውል ግን ሁለታችሁም ተዘጋጅታችሁ ትነጋገራላችሁ። መደወሉ ግን ግዴታ ነው፤ የተጻፈ ብቻ ከሆነ አምልጦ የሄደ ሰው ይመስላል።

ለአክስቴ ልጅ የመጣላት መልስ አንዲት ቃል ነበረች፦ «እሺ።»

ይህን ሳልነግራት ባልፍ ኖሮ ሁሉም ይበላሽ ነበር። ደረቅ «እሺ» ስትመጣ ሰው ደንግጦ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መልእክት ይልካል፤ ምክንያት ይጨምራል፣ ይቅርታ ይደረድራል። ምክንያት ሲበዛ ደግሞ የመጀመሪያው ይረክሳል። «እሺ» ማለት ብዙ ጊዜ «ከፍቶኛል፣ ጊዜ ስጪኝ» ማለት ነው። መልሱ ዝምታ ነው፣ እስከ ተቀጠረው የስልክ ሰዓት ድረስ። በማግስቱ ማታ በሰዓቱ ደወለች። ሙሽራዋ አላነሳችም። እንደገና አልደወለችም፤ «ደውዬ ነበር፣ ሲመችሽ» ብላ ብቻ ላከች። በሦስተኛው ቀን ሙሽራዋ ራሷ ጻፈች፦ «እንግዲያው በጉ ተረፈ።» ከዚያ ተደዋውለው አንድ ሰዓት ተላቀሱ፣ ተሳሳቁም።

ሁልጊዜ በሦስት ቀን አይፈታም። ሳምንት ያለፈ ዝምታ ከሆነ የምትደውለው ስለ ዕንቢታው ለማውራት አይደለም። ስለ ድግሱ ጠይቅ፦ ዳሱ የት ይተከላል፣ ልብሱ ምን ዓይነት ሆነ። ወደ ሠርጉ ተመልሰህ ስትገባ ጓደኛህ እንዳልራቅህ ያያል።

ዘጠኝ፦ እናትየው

ይህ ብዙዎች የሚረሱት ነው። በእኛ አገር ጥሪ ካርዱ ላይ የሚጠሩት ወላጆች ናቸው። ለሙሽራዋ በመልእክት ተናግረህ ለእናቷ ሳትናገር ብትቀር ዕንቢታህ ስድብ ይሆናል። ለእሳቸው ደግሞ አይጻፍም። ይደወላል፣ ቅርብ ከሆኑ ይኬዳል፤ «እርስዎ» ተብሎ፣ ሙሽራዋ ካወቀች በኋላ ግን ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት።

የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው የበርበሬ እሑድ ነገረቻቸው። እናትየው እንደፈራሁት «ልጄ፣ እኔ ጋር ትሄጃለሽ፣ ወንበር እኔ እይዛለሁ» አሉ። ከእናት የሚመጣ ግብዣ ከሙሽራ ከሚመጣው ይልቅ ለመግፋት ይከብዳል፤ ገንዘብ ብለህ ብትመልስ «ገንዘብ ምን አባቱ» ይሉሃልና። ስለዚህ ለእናት መንገዱንና ሥራውን ብቻ ንገር። እሷም «እማማ፣ ፈቃዱ ነው ያልበቃኝ፤ ከሥራ ከወጣሁ ወንድሜ ትምህርቱን ያቋርጣል» አለቻቸው። እሳቸውም ሌላ ነገር ሳይጨምሩ አንድ ቁና በርበሬ ከፊቷ ደፉላት።

ዐሥር፦ ስጦታውና የሠርጉ ዕለት

ስጦታ ከዕንቢታው ጋር በአንድ ቀን አይላክ። በስልክ ገንዘብ አስተላልፎ ወዲያው «መምጣት አልቻልኩም» ብሎ የሚጽፍ ሰው መቅረቱን የገዛ ይመስላል። ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ይለፍ። የምትልከው ነገርም ከአቅምህ አይለፍ፤ «እጄ አጥሯል» ብለህ ትልቅ ስጦታ ብትልክ ያንኑ ቃልህን ራስህ ታፈርሰዋለህ።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ጋቢ ልትልክ ነበር። አርባ ምንጭ ጋቢ መላክ! ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ ዶርዜዎች የሚሸምኑትን አገር ሁሉ ይለብሰዋል። በመጨረሻ ከፋብሪካው ሰዓት ውጪ በእጇ የጠለፈችውን አንድ ሻሽ በእናትየው እጅ ላከች፤ ወጪው የጨርቅና የክር ነበር። ከውስጡ በወረቀት «ጫማሽ ቢበጠስ» ብላ ጽፋለች።

የሠርጉ ዕለት መልእክት አጭር ይሁን፣ በማለዳ ይድረስ፣ ስለ መቅረትህ አያንሳ። ያን ቀን «ምነው ባለሁ» የሚል ሰው ሙሽራዋን ወደ ራሱ ኀዘን ይጎትታታል። ደስታ ብቻ ላክ፣ በድምፅ ቢሆን ይሻላል። እሷ የላከችው የእልልታ ድምፅ ነበር፤ ጎረቤቶቿን ሰብስባ በአንድ ላይ ያሰሙት። መደወል ግን ያን ቀን አያስፈልግም፤ ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ነው። የምትደውለው ከመልሱ በኋላ፣ ቤቱ ሲረጋጋ ነው። ፎቶዎቹ ሲመጡም አንድ በአንድ አይተህ ስለ ዝርዝራቸው ጠይቅ፦ «ይህች አጭር ቀሚስ የለበሰችው ማን ናት?» ማለት ሃያ ጊዜ «ያምራል» ከማለት ይበልጣል።

የቀረው የምሳው ቃል ነው። ሙሽሮቹ ለፋሲካ ደሴ እንደሚመጡ ሲታወቅ የአክስቴ ልጅ ከደመወዟ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀመጠች። ዳግማይ ትንሣኤ ሲቃረብ ጽሕፈት ቤቴ መጥታ የበግ ዋጋ ጠየቀችኝ። የምታውቀው የክርስቲያን ጎረቤት ሊያርድላት ተስማምቷል፤ ለብቻው የሚሆን ድስትም ከእነሱ ተውሳለች።